ሞተር የሚገድለው ዝናቡ ሳይሆን ላቫጆው ነው

(ክረምት ሊገባ ሲል ሐዋሳ ላይ ለሞተረኞች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ወሬ ከማብዛቴ በፊት ይቺን ተቀባበሉልኝ። ኩሽኔታ ናት። ከአንድ ሞተር የኋላ ጎማ ያወጣኋት ናት። እጅ ታቆሽሻለች፣ ሶፍት እዚህ አለ። የውስጥ ቀለበቷን በጣታችሁ አዙሩት። ትሄዳለች፣ ትንቀጫቀጫለች፣ ትይዛለች፣ ከዚያ ደግሞ ትለቃለች። አሸዋ የገባበት ወፍጮ አይመስልም?

የሞተሯ ባለቤት ዕቃ እያደረሰ የሚኖር ልጅ ነው። ሞተሩን የጣለ እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ከሰፈሩ ሞተረኛ ሁሉ ንጹሕ እሱ ነው። ማታ ማታ ሥራ ሲጨርስ በቀጥታ ላቫጆ ያስገባታል። ሞተሯ አዲስ ናት፤ ሁሌም እንደ መስታወት ታበራለች። አራት ወር ሳይሞላት ከኋላ መጮህ ጀመረች። መጀመሪያ ጎማው ነው ብሎ ጎማ ቀየረ። ከዚያ ካቴናው ነው ብሎ ካቴና አጠበቀ። እኔ ጋ ሲመጣ ሞተሯ ኩርባ ላይ ጭራዋን ትወዘውዝ ነበር።

ጎማውን አውርጄ የኩሽኔታውን የጎማ ክዳን በቀጭን ካቻቢቴ ሳነሳው ውስጡ ያለው ግሪስ ማኪያቶ ሆኗል። ለማጋነን አይደለም። ቀለሙም ውፍረቱም ማኪያቶ ነው። ግሪስ ከውሃ ጋር ተደባልቆ ለብዙ ጊዜ ሲሽከረከር እንደዚያ ይሆናል። ያ ነገር ብረትን ከብረት አይለይም። ኳሶቹ ደረቅ ብረት ላይ ይሄዳሉ፣ ውሃው ደግሞ ያዝጋቸዋል። አሁን እጃችሁ ላይ የቀረው ቡናማ ዱቄት እሱ ነው።

ልጁ በጣም ነው ያዘነው። "ጋሼ፣ እኔኮ እንዳትበላሽ ብዬ ነው የማሳጥባት" አለኝ። እውነቱን ነው። ለዚህ ነው ዛሬ ስለ እጥበት የማወራው።

ጥያቄው እንዲህ ነው። ሞተር ክረምቱን ሙሉ ዝናብ እየመታት ምንም አትሆንም። ታዲያ ላቫጆ ለምን ይገድላታል? ሁለቱም ውሃ ናቸው።

ልዩነቱ ግፊቱ ነው። ዝናብ ከላይ ይወርዳል፣ ይፈስሳል፣ ይንጠባጠባል። ሞተርን የሠሩ ሰዎች ያንን አስበውበታል። ክዳኑ ሁሉ ወደ ታች ይከደናል፣ ቀዳዳው ሁሉ ወደ ታች ያያል። የላቫጆ ማሽን ግን ከአፉ ላይ ከ100 ባር በላይ ሊገፋ ይችላል። የሞተራችሁ የኋላ ጎማ ውስጥ ያለው አየር 2 ባር ገደማ ነው። ኩሽኔታው ጎን ላይ ያለችው ቀጭን የጎማ ክዳን የተሠራችው አቧራና ፍንጣቂ እንድትመልስ ነው። በቅርብ ርቀት የሚመጣ እንደዚያ ያለ ግፊት ከንፈሯን ገልብጦ ውሃውን ያስገባዋል። ግፊቱ ሲቆም ከንፈሯ ተመልሳ ትዘጋለች። ውሃው ውስጥ ቀረ ማለት ነው። ማስገባት የቻለ ማሽን ማውጣት አይችልም።

ሁለተኛው ምክንያት ሙቀት ነው። ይሄን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ቀኑን ሙሉ ስትነዳ የዋለች ሞተር ኩሽኔታዋም፣ የፍሬን ከበሮዋም ሞቋል። በውስጡ ያለው አየር ተለጥጧል። ቀዝቃዛ ውሃ በድንገት ሲመታው አየሩ ይኮማተርና ወደ ውስጥ ይስባል። ደጅ ላይ ያለው ደግሞ ውሃ ነው። ስለዚህ በባልዲም ብታጥቡ ትኩስ ሞተር አታጥቡ። አንድ ቡና እስክትጠጡ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ጥላ ሥር ትቁም። ማርሚታውን በእጅ ጀርባ ነክታችሁ ካላቃጠላችሁ በቂ ነው።

ኩሽኔታው መበላሸቱን ሳይጮህ በፊት ማወቅ ይቻላል። በመሃል ማቆሚያው አቁሟትና የኋላ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወደ ጎን ግፉ፣ ሳቡ። ቃ ቃ ካለ ላልቷል። ካላለ ጎማውን በአንድ እጅ አሽከርክሩና ሌላ እጃችሁን ጎማውን የያዘው ሹካ ላይ አሳርፉ። ጤነኛ ኩሽኔታ ምንም አይነግራችሁም። የታመመው እጃችሁ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። የመሪውን ደግሞ የፊት ጎማው ከመሬት ተነሥቶ መሪውን ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ አድርጋችሁ ስታዞሩት ልክ መሃል ላይ ጎድጎድ ውስጥ የገባ ያህል ቢይዝባችሁ ኳሶቹ መቀመጫቸውን ጎድተውታል። በትንንሽ ሞተሮች ላይ የመሪው ኳሶች ብዙ ጊዜ ክፍት ናቸው፤ የጎማ ክዳን እንኳ የላቸውም። ከፋኖሱ ጀርባ በማሽን የሚረጭ ሰው ግሪሱን አጥቦ ነው የሚያወጣው።

አዲስ ኩሽኔታ ስትገዙ በሁለቱም ጎን ጎማ የለበሰውን ጠይቁ። ቆርቆሮ ብቻ የለበሰም አለ። እሱ ለአቧራ እንጂ ለውሃ አይሆንም። የዋጋው ልዩነት ደግሞ የሚያስጨንቅ አይደለም።

ወደ ኤሌክትሪኩ ልሂድ። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ፤ ያኔ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። አንድ ሰው ታጥባ አልነሣ ያለች ሞተር እየገፋ አመጣልኝ። እሳቱን አየሁ፣ የለም። ኮይሉ ሞቷል አልኩ። ሰውዬው ሄዶ ኮይል ገዝቶ መጣ። ቀየርኩለት፣ አልነሣም። ሲዲአይ ነው አልኩ። ማታ ሆኖ ለነገ ተለያየን። ጠዋት ስመጣ አሮጌውን ኮይል መልሼ አሰርኩና ለሙከራ መታሁት። በአንዴ ተነሣች። ሌሊቱን ደርቃለች። ችግሩ የካንዴላው ቆብ ውስጥ የገባ ትንሽ ውሃ ነበር። እሳቱ ወደ ካንዴላው ከመሄድ ይልቅ በውሃው በኩል ወደ ኢንጂኑ ብረት ይሸሽ ነበር። የኮይሉን ገንዘብ ከኪሴ መለስኩ። ትምህርቱን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ስለዚህ ሞተራችሁ ከታጠበች በኋላ አልነሣ ካለች ወደ ኤሌክትሪሺያን አትግፏት። የካንዴላውን ቆብ ንቀሉ። ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ ንፉበት። የካንዴላውን ነጭ አንገት ጥረጉ። በካንዴላው ዙሪያ ባለው ጎድጓዳ ቦታ ውሃ ካለ አድርቁት። ብዙ ኢንጂን ላይ እዚያ ጎድጓዳ ቦታ ውሃ ማውጫ ትንሽ ቀዳዳ አለች፣ በጭቃ ትደፈናለች። በቀጭን ሽቦ ክፈቷት። ከዚያ ሞክሩ። አሥር ጊዜ ከመጣብኝ ስምንቱ በዚሁ ያልቃል።

የዚህ ተቃራኒ ደግሞ አለ። ከታጠበች በኋላ ያለ ችግር ትነሣለች፣ ከወር በኋላ ግን ፍሬቻው አንዴ ይበራል አንዴ ይጠፋል፣ ጥሩንባው ይታነቃል። ያኔ ማንም እጥበቱን አያስታውስም። ሶኬቶቹን ስትከፍቱ የመዳቡ ጫፍ ላይ አረንጓዴ ነገር ታያላችሁ። መዳብ ሲዝግ እንደዚያ ነው። የተደበቀው ሶኬት ሁሉ ያለው ከታንከሩ ሥር፣ ከወንበሩ ሥርና ከፋኖሱ ኋላ ነው። እዚያ ውሃ በግፊት ከገባ የሚያደርቀው ፀሐይም ነፋስም የለም። እኔ ክረምት ሲገባ ሶኬቶቹን አንድ በአንድ እነቅላለሁ፣ በኮምፕረሰር እነፋለሁ፣ ለኤሌክትሪክ የተሠራ የሲሊኮን ግሪስ በስሱ ቀብቼ እመልሳለሁ። ይሄ ግሪስ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ጥቅሙ ውሃ እንዳይቀመጥ ቦታውን መያዙ ነው። የብረቶቹ ጫፎች ሲገጥሙ ገፍተውት ይገናኛሉ፣ አትስጉ። የኩሽኔታ ግሪስ ግን እዚያ አታድርጉ።

አሁን እንዴት እንደማጥብ ልንገራችሁ። የሚያስፈልገኝ ሁለት ባልዲ፣ አንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ውሃ፣ ሁለት ስፖንጅ፣ አንድ ብሩሽ፣ ፈሳሽ ሳሙናና ሦስት ፌስታል ነው። ፌስታሉ ለሦስት ቦታ ነው። አንዱን የማርሚታውን አፍ ሸፍኜ በላስቲክ አስረዋለሁ። አንዱን ከቁልፍ ማስገቢያው ላይ አደርጋለሁ። አንዱ የአየር ማጣሪያው አየር የሚስብበትን ቀዳዳ ይሸፍናል። እዚያ ውሃ ከገባ የወረቀት ፊልትሮው ይረጥብና ሞተሯ ትንፋሽ ያጥራታል። ጨርሳችሁ ስትነሡ ፌስታሎቹን አውጡ። ሳቃችሁ? የማርሚታውን ፌስታል ረስቶ ቁልፍ ሲያዞር የዋለ ሰው አውቃለሁ።

መጀመሪያ ጭቃውን አርሱት፣ አትፈልቅቁት። በተለይ መረሬ ላይ የሚነዱ ሰዎች ያውቁታል፤ ጥቁር አፈር ሲደርቅ ሲሚንቶ ነው። ውሃ አፍስሳችሁ አምስት ደቂቃ ተዉት፣ ራሱ ይለቃል። ከዚያ ከላይ ወደ ታች፣ በአንደኛው ስፖንጅ ታንከሩን፣ መብራቱን፣ ወንበሩን። በሁለተኛው ከወገብ በታች ያለውን። ሁለቱን አታቀያይሩ። ጎማ የታጠበበት ስፖንጅ አሸዋ ይይዛል፤ ታንከር ላይ ሲመለስ ቀለሙን ይፍቀዋል።

የልብስ ዱቄት ሳሙና አትጠቀሙ። ጭቃ ያወጣል፣ እውነት ነው። ግን ኃይለኛ ነው፤ የአሉሚኒየሙን ፊት ያደበዝዛል፣ ቀለሙ ላይ ያለውን ሰም ያነሣል፣ በደንብ ካልታጠበ ደግሞ በየብሎኑ ሥር ጨው ሆኖ ይቀራል። ጨው እርጥበት ይስባል። ዝገት የሚፈልገው ይሄንኑ ነው።

ስለ ውሃውም አንድ ነገር ልበል። እኛ ያለነው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። የጉድጓድ ውሃችን ማዕድን ይበዛበታል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ታውቁታላችሁ። ያው ነጭ ነገር ክሮም ላይም ይቀራል። ስለዚህ ታጥባ በፀሐይ አትድረቅ። በጨርቅ ጥረጓት። ክረምት ላይ የዝናብ ውሃ በበርሜል ካጠራቀማችሁ ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ከሱ የተሻለ የለም።

"ጊዜ የለኝም፣ ላቫጆ ግድ ነው" የሚል ይኖራል። ይሁን። ግን የላቫጆው ልጅ ብቻውን አይጠባት፣ አጠገቡ ቁሙ። ከአንድ ሜትር በላይ ይራቅ። የጎማ መሃል፣ የመሪ ሥር፣ ካቴና፣ የመሪ ቁልፎች፣ የታንከር ሥር፣ እነዚህ ላይ አይተኩስ። ጭቃ መጠለያው ሥር ግን እንደፈለገ ይተኩስ፣ እዚያ ብዙ የሚበላሽ ነገር የለም። ናፍታ ልርጭልህ ሲላችሁ ደግሞ አይሆንም በሉ። ለጊዜው ያበራል። ናፍታ ጎማ ያሳብጣል፣ ማታ አቧራ ይሰበስባል፣ የፍሬን ሸራ ላይ ከደረሰ ደግሞ ነገ ፍሬን የላችሁም።

ታጥባ ካለቀች በኋላ አቁሞ መሄድ የለም። አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ንዷት። መጀመሪያ ቀስ ብላችሁ፣ ፍሬኑን በትንሽ በትንሹ እየያዛችሁ። እርጥብ ፍሬን አይዝም። ከበሮ ፍሬን ያላት ሞተር እርጥብ እንደሆነች ብታድር ሸራው ከበሮው ላይ በዝገት ይጣበቃል፤ ጠዋት ስትገፉ "ጠቅ" ብሎ የሚለቀው እሱ ነው።

ካቴናው የሚታጠበው ለብቻው ነው፣ በላምባ። በቤንዚን አይደለም። መጀመሪያ ካቴናችሁን ጠጋ ብላችሁ እዩት። በሁለቱ ቅጠሎች መካከል ቀጭን የጎማ ቀለበት ካለው ውስጡ ፋብሪካ ያስቀመጠው ግሪስ አለ፤ ቀለበቱ ደግሞ እሱን ይጠብቃል። ቤንዚን ቀለበቱን ያደርቀዋል፣ የሽቦ ብሩሽ ይቆርጠዋል። የድሮ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። ቀለበት የሌለውም ቢሆን በላምባ ታጥቦ በጨርቅ ይጠረግ።

ዘይቱን የምትቀቡት ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ነው። እርጥብ ካቴና ላይ የተቀባ ዘይት ውሃውን ከውስጥ ይቆልፍበታል። እኔ የማርሽ ዘይት፣ 90 የሚሉትን፣ እጠቀማለሁ። የኢንጂን ዘይት ቀጭን ነው፣ ተፈናጥሮ ጎማ ላይ ይሄዳል። ግሪስ ደግሞ ወፍራም ነው፣ ውስጥ ሳይገባ አፈር ይለጥፋል። የምትቀቡት በካቴናው የውስጥ ፊት፣ ጥርሱ በሚነካው በኩል ነው። ሲሽከረከር ወደ ውጭ ይገፋዋልና ራሱ ይሰራጫል። ጎማውን በእጅ አዙሩ። ኢንጂኑን አስነሥቶ በማርሽ እያሽከረከሩ ጨርቅ መያዝ ጣት አስቆርጧል፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ማታ ቀብታችሁ አሳድሩትና ጠዋት ትርፉን ጥረጉ። በደረቅ ወራት በየ500 ኪሎ ሜትሩ ይበቃል። ክረምት ላይ ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ ነው።

ብሎን ላይ ብዙ አልቆይም። የሚዝገው ብሎን ፊቱ የተላጠው ነው። ላዩ ላይ ያለው ስስ የዚንክ ልባስ በማይገጥም ቁልፍ ይላጣል። በተለይ ጭንቅላታቸው ጎድጓዳ የሆኑት ውሃ እንደ ሲኒ ይይዛሉ። ጎድጓዳው ውስጥ ትንሽ ግሪስ ሙሉበት፣ አበቃ። ሌላውን በቀለም ብሩሽ ስስ ዘይት ንኩት። የፍሬን ዲስክ አጠገብ ግን ብሩሹን አታምጡ።

ማርሚታው ግን ሰፊ ወሬ አለው። አንድ ሰው ዘይት ቀባሁት፣ ግን ዘገ ብሎኝ ያውቃል። ዘይት ማርሚታ ላይ ይቃጠላል፣ ይጨሳል፣ ጠቁሮ ይቀራል፤ አይጠብቅም። ከዚያም በላይ ማርሚታ የሚዝገው በብዛት ከውስጥ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወጣዋል። ተሳስቼ አይደለም። ቤንዚን ውስጥ ሃይድሮጂን አለ፣ ከአየሩ ኦክስጂን ጋር ሲቃጠል ውሃ ይሆናል። ጠዋት ጠዋት ከማርሚታ ጫፍ የምታዩት ጠብታ እሱ ነው። ረጅም ስትነዱ ማርሚታው ይግልና በእንፋሎት ይወጣል። ከሰፈር ሱቅ ተመላልሳ የምትቆም ሞተር ግን ማርሚታዋ ሳይግል ትጠፋለች፤ ውሃው ሆዱ ውስጥ ይተኛል። ብዙ ማርሚታ ከሆዱ በታች ለዚህ የተበሳች ቀዳዳ አለችው። ተበላሽቷል ብለው በብየዳ የሚደፍኗት አሉ። አትድፈኗት። ስትደፈን በቀጭን ሽቦ ክፈቷት። እጥበት ጨርሳችሁ የምትነዱት አሥራ አምስት ደቂቃም ለፍሬኑ ብቻ ሳይሆን ለዚህም ነው።

ከውጭ ለዘገ ክሮም የወጥ ቤት ፎይል ጨምድዳችሁ ውሃ ነክራችሁ እሹት። አሉሚኒየም ከክሮም ይለሰልሳል፣ ዝገቱን ያነሣል እንጂ ክሮሙን አይቧጭርም። ክሮሙ ከተላጠ ግን መመለሻ የለውም። ያኔ በሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት እስከ ንጹሕ ብረት ውረዱ፣ በቲነር ጥረጉና ለማርሚታ የሚሸጠውን ሙቀት የሚችል ስፕሬይ በሦስት ስስ ዙር ንፉት። ቆርቆሮው ላይ 600 ዲግሪ የሚል ፈልጉ። የበርና የመስኮት ቀለም በሁለት ቀን ተቃጥሎ ይረግፋል። ይሄ ስፕሬይ በደንብ የሚጠነክረው ሲጋገር ነው። ከደረቀ በኋላ ኢንጂኑን አሥር ደቂቃ አስነሡ፣ አቀዝቅዙ፣ ደግሞ ረዘም አድርጋችሁ አስነሡ። መጀመሪያ ይጨሳል፣ አትደንግጡ። ያን ከማድረጋችሁ በፊት ቀለሙን ውሃ አታስነኩት።

ማርሚታውን ከኢንጂኑ ጋር የሚያስሩትን ሁለት ዳዶዎች ደግሞ፣ በሆነ ምክንያት በተፈቱ ቁጥር፣ ሙቀት የሚችል የመዳብ ቅባት ቀብታችሁ መልሷቸው። ዝገው ሲቆረጡ ከኢንጂኑ ውስጥ ማውጣት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ለእኔ ገንዘብ ነው፣ ለእናንተ አይደለም።

እስቲ ኩሽኔታዋ የት ደረሰች? አንተ ጋ ነች? መልሳት፣ ለሚቀጥለው ስብሰባም ትፈለጋለች። ጄሪካኑ ደጅ ተቀምጧል። የማን ሞተር ነው የቀዘቀዘው?